«87 በመቶ አልፈዋል» ብዬ ልጻፍ? (የክሩ ምላሾች ተሰብስበው)

ይህን ክር የከፈትኩት በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ምላሹ ከሠላሳ አልፏል፤ መሀል ላይ ወደ ስድብ የገቡት ደግሞ ስለተሰረዙ አሁን ገብቶ ከላይ ጀምሮ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ተቆራርጦበታል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ከነቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ። አጣምሜ ያቀረብኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መነሻው እንዲህ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ሒሳብ አስተምራለሁ። የማዕከሉ ባለቤት አማርኛህ ጥሩ ነው ብሎ የዘንድሮውን የማትሪክ ሰሞን ማስታወቂያ እንድጽፍ ሰጠኝ። ሦስት ነገር እንዳይቀር አስጠነቀቀኝ። አንደኛ፣ አምና ካስተማርናቸው 87 በመቶው ማለፋቸው። ሁለተኛ፣ ፈተና የሚያወጡ መምህራን ያሉን መሆኑ። ሦስተኛ፣ የቀረው ቀን በቀይ ቁጥር በየቀኑ እየተቀነሰ በቴሌግራም እንዲለጠፍ።

87ቷ ከየት እንደመጣች ለማወቅ መዝገቡን ገለጥኩ። አምና ጥቅምት ላይ 64 የ12ኛ ክፍል ተማሪ መዝግበናል። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 41 ናቸው። ውጤት ሲወጣ ደውለው ወይም በቴሌግራም ያሳወቁን 23። ከ600 ውስጥ 300 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 20። እንግዲህ 20 ለ23 ሲካፈል 87 በመቶ ይሆናል። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔም የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፦ ይህን ቁጥር ልጻፈው ወይስ ልተወው?

1ኛው ምላሽ ከአንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ የመጣ ነው። በጣም በትሕትና መረቀኝና ጻፈው አለኝ። ቁጥሩ ውሸት እስካልሆነ ድረስ ምን አስጨነቀህ፣ ጎረቤትህ ያለው ማዕከል 98 ብሎ ይጽፋል፣ አንተ ከተውከው ልጆቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፣ እዚያ ደግሞ ምን እንደሚጠብቃቸው አታውቅም የሚል ነው ሐሳቡ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እስካሁንም መልስ አላገኘሁለትም።

2ኛው ላይ አንድ አባት የ8ኛ ክፍልም ታስጠናላችሁ ወይ፣ ዋጋውስ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

3ኛው ምላሽ ክሩን የቀየረው ነው። የጻፉት ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ከዚህ በኋላ መምህሩ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ስለ 87ቷ ምንም አላሉም። ካለፉት 20 ልጆች መካከል ጥቅምት ላይ ወደ እናንተ ሲመጡ ገና ከመጀመሪያው ማለፊያውን የያዙ ስንት ነበሩ? ይህን ብቻ ጠየቁኝ።

4ኛው የእኔ መልስ ነው። እኛ ጋ ማንኛውም ተማሪ ሲመዘገብ በሁሉም ትምህርት አጭር የመግቢያ ፈተና ይወስዳል፤ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ምሽት ሙሉ ቆጠርኩ። ከ64ቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 18 ነበሩ። ካለፉት 20 ውስጥ 15ቱ ከእነዚሁ ከ18ቱ ናቸው። ታች ከነበሩት 46 ልጆች መካከል ማለፉን የምናውቀው አምስት ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍሬ ነበር።

5ኛው ላይ አንድ ወጣት ዘሎ ገባ። እንግዲያው እናንተ የሠራችሁት አምስት ልጅ ነው፣ ቀሪው የልጆቹ የራሳቸው ጉብዝና ነው፣ ቀለሜዋን መዝግቦ ውጤቱን ባነር ላይ መለጠፍ ደግሞ የሰው በግ እየቆጠሩ መክበር ነው አለ። አባባሉ ጠንከር ቢልም ብዙ ሰው ወደደለት።

6ኛው ላይ መምህሩ ተመለሱና ወጣቱን በእርጋታ አረሙት። የማዕከሉ የመግቢያ ፈተና ማዕከሉ ራሱ ያወጣው ነው፤ እዚያ ግማሽ ማምጣትና አገር አቀፉ ላይ ግማሽ ማምጣት አንድ አይደለም። ከ18ቱ ሦስቱስ የታሉ ብለውም ጠየቁ። ወድቀው ይሆናል፣ ወይም አልፈው ሳይደውሉ ቀርተው ይሆናል። 15ቱም ማዕከሉ ባይኖር ኖሮ ያልፉ ነበር ለማለት ማስረጃ የለም፤ እንዲሁም ሳይደውሉ የቀሩት ሁሉ ወድቀዋል ማለት አይቻልም፣ የክፍያ ገንዘብ አጥቶ ያቋረጠ ልጅ አልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 87 እንደማይታወቅ ሁሉ አምስትም በእርግጠኝነት አይታወቅም። ግን ወላጅ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛውን ቁጥር ነው አሉ፦ የእኔን ልጅ የሚመስል ልጅ መጥቶ ምን ሆነ? ልጅዎ ታች ከሆነ ላይ የነበሩት ልጆች ማለፍ ለእርስዎ ምንም አይነግርዎትም።

7ኛው ሌላ ሰው ነው፤ የአገሩን ቁጥር ይዞ መጣ። በ2014 ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ እንደሆነ አስታውሶ፣ ይህ የሚያሳየው የቲቶሪያል መስፋፋት ልጆቹን እየጠቀመ መሆኑን ነው፣ ከሁለት እጥፍ በላይ አድጓል አለ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ማጠቃለያው ግን ግማሽ መንገድ ነው የሄደው።

8ኛው ላይ በስታቲስቲክስ የምትሠራ ሴት አረመችው። በ2014 የተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ይጠጋሉ፤ በ2017 ግን ከ600 ሺህ በታች ነበሩ። ያለፉት ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 49 ሺህ ገደማ መጨመራቸው እውነት ነው። ነገር ግን የተፈታኙ ቁጥር ባይቀንስ ኖሮ 49 ሺህ ከ900 ሺህ ሲሰላ 5.4 በመቶ ገደማ ነበር የሚሆነው። ከጭማሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ላዩ ስላደገ ሳይሆን ታቹ ስላነሰ የመጣ ነው። አያይዛም የእናንተ ማዕከል ያደረገው ያንኑ ነው፣ ታቹን ከ64 ወደ 23 አወረዳችሁት አለችኝ። ሳነበው ሳቅኩ፤ ስቄም አላበቃሁም፣ ስልኬን ዘጋሁት።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ወደ ሌላ ወጡ። ስለ ፎቶ ኮፒ ዋጋ፣ ስለ ወረቀት መወደድ፣ ዎርክሺት በቴሌግራም ቢላክ ልጆች ስልክ ላይ ያፈጣሉ ወይስ አያፈጡም ስለሚለው ተነጋገሩ። አንዱ ቤት ለቤት ማስጠናት እንደሚሻል ተከራከረ፤ ለካ ራሱ ቤት ለቤት አስጠኚ ነበር።

12ኛው ከቤይሩት ነው። ሰው ቤት እየሠራች ወንድሟን የምታስተምር እህት ናት። የእሷን ነገር ዝም ብዬ ማሳጠር አልፈልግም። ባለፈው ዓመት አንድ ማዕከል ካላለፈ ገንዘባችሁን እንመልሳለን የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ አየች፣ ከሩቅ ሆና የምትቆጣጠረው ነገር ስለሌላት ይህች ቃል አሳመነቻት፣ የሁለት ወር ደሞዟን ላከች። ወንድሟ አላለፈም። ገንዘቡን ስትጠይቅ የፈረመውን ወረቀት ፎቶ ላኩላት። ከጀርባው በትንሽ ፊደል የተጻፈው ሁኔታ አንድም ቀን ያልቀረ፣ ሁሉንም የቤት ሥራ ያስረከበ፣ በማዕከሉ ሞዴል ፈተና 60 በመቶ ያመጣ ይላል። ወንድሟ አያቱ ሲቀበሩ ሁለት ቀን ቀርቷል። እሷ ግን ከሁሉም የገረማት ሦስተኛው ሁኔታ ነው፦ በሞዴል 60 የሚያመጣ ልጅማ መጀመሪያውኑ የመውደቅ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ዋስትናው የተሰጠው ለማይፈልገው ልጅ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ከዚህ በፊት በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም ነበር።

13ኛው ላይ ያ የ5ኛው ወጣት ተመልሶ የማዕከል ባለቤት ሁሉ ሌባ ነው አለ። 14ኛው ላይ አንድ የማዕከል ባለቤት ነኝ ያለ ሰው አንተ ቤት ተቀምጠህ በሰው እንጀራ አትግባ ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት አራቱ ተሰርዘዋል፤ ጥሩ ሆነ።

19ኛው ደግሞ ፈተና የሚያወጡ መምህራን አሉን በሚለው መስመር ላይ ነው። የጻፉት አንዲት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናቸው፤ ቁጣቸው በየፊደሉ ይታያል። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ፈተናው ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ ወደ ሐምሌ ተላልፎ እንደነበር፣ ከ2014 ጀምሮም ልጆች ከቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው እንዲፈተኑ የተደረገው በዚያና በመሰል ስርቆት የተነሳ መሆኑን አስታወሱ። እንግዲህ አሉ፣ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው። ወይ መምህሩ ፈተና አያወጣም፣ ያኔ ማስታወቂያው ውሸት ነው። ወይ ያወጣል፣ ያኔ እዚያ ክፍል ውስጥ መቆሙ ራሱ ወንጀል ነው። ሦስተኛ መንገድ ካለ ንገረኝ። ያችኑ መስመር የሚያነብ ልጅ ደግሞ ቀጥሎ የሚያደርገው ቴሌግራም ላይ ፈተናው ወጣ የሚል ቻናል መፈለግ ነው፣ ከዚያ በቴሌብር ከፍሎ የአምና ጥያቄ ቀኑ ተቀይሮ ይላክለታል። መስመሯን በዚያው ምሽት ሰረዝኳት። ባለቤቱም አልተከራከረኝም፤ ለካ እሱ ሊል የፈለገው የትምህርት ቤት ሚድ የሚያወጡ መምህራን ማለት ኖሯል!

20ኛው አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ማኅበራዊ ሳይንስ ናት። የወላጆች ግሩፕ ላይ የሌላ ማዕከል ማስታወቂያ መጣ፣ ይህን ያህል ቀን ብቻ ቀረ የሚል፣ ቁጥሩ በቀይ። ስልኩ የእናትየው ነው፤ ያነበበችው ግን ልጅቷ ናት። በማግስቱ ቁርስ አልበላም አለች፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ማጥናት ጀመረች። እናትየዋ ደንግጠው ሁለተኛ ማዕከል አስመዘገቧት፤ ጠዋት አንዱ ጋ፣ ማታ ሌላው ጋ። አንድ ቀን ቦርሳዋን ሲከፍቱ ከሁለቱም የተሰጡ 14 ዎርክሺቶች አገኙ። አንዱም ላይ እስክሪብቶ አልተነካም። ስታስረዳቸው አልሰነፍኩም፣ ስማር ነው የምውለው፣ መቼ ልሥራው አለቻቸው። እናትየዋ የጠየቁት ማስታወቂያ ስትጽፍ ለማን ነው የምትጽፈው ብለው ነው። ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ የምትፈራው እሷ ናት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቀይ ቁጥሩን መለጠፍ አልቻልኩም። 21ኛው ላይ ግን አንዱ ትንሽ ፍርሃት ያስፈልጋል፣ የእኔ ልጅ ቀኑን ካልነገርኩት ከፕሌይስቴሽን አይነሳም ብሏል። እሱም የራሱ እውነት አለው።

22ኛው የመምህሩ ረጅም ምላሽ ነው፤ ብዙዎች ኮፒ አድርገው ወስደውታል። ቀይ ቁጥሩን ትተህ ወላጅ የራሱን ልጅ የሚያይበት ነገር ስጠው ብለው ጀመሩ። እሳቸው ለዓመታት የሠሩበት መንገድ ሦስት ቀለም ይፈልጋል፦ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ እርሳስ። ልጁ አይቶት የማያውቀውን አንድ የቆየ የፈተና ወረቀት ትሰጠዋለህ። በመጀመሪያ በሰዓት ተገድቦ በሰማያዊ ይሠራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰማያዊው ይቀመጣል፤ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ያለ ሰዓት ገደብ፣ የተወውንና የተጠራጠረውን በቀይ እንደገና ይሠራል። በመጨረሻ መጽሐፍ ከፍቶ የቀረውን በእርሳስ ይሞክራል። ከዚያ በኋላ ይታረማል።

ለምሳሌ ያቀረቧት ልጅ ከዓመታት በፊት ያስጠኗት ናት። የሒሳብ ወረቀቱ 60 ጥያቄ ነበር። በሰማያዊ ያገኘችው 22 ነው፤ ባዶ የተወችው ደግሞ 14። ይህን ብቻ ያየ ሰው 37 በመቶ ናት፣ ሒሳብ አይሆንላትም ይላል። በቀይ ግን 11 ተጨመረ። በእርሳስ ሌላ 9። ከናካቴው ያልቻለችው 18 ነው። ሰማያዊውና ቀዩ ሲደመር 33 ይሆናል፣ ከግማሽ በላይ። ይህች ልጅ የጎደላት ትምህርት አልነበረም። አንድ የማትሪክስ ጥያቄ ላይ ሩብ ሰዓት ቆማ ከኋላ ያሉትን ቀላል ጥያቄዎች ሳታያቸው ነው ሰዓቱ ያለቀው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድም አዲስ ምዕራፍ አላስተማሯትም። ያሠሯት ወረቀቱን ሁለት ዙር መሄድን ነው፦ በመጀመሪያው ዙር ጥያቄውን አንብባ መንገዱ ወዲያው ካልታያት ምልክት አድርጋ ማለፍ፣ በሁለተኛው መመለስ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ አንድም ባዶ ሳይተው ማጥቆር። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ መተው ዝም ብሎ መስጠት ነው፤ 14 ባዶ በግምት ቢጠቆር እንኳ ከአራት ምርጫ ሦስት አራቱ ይገጥማል።

ሁለተኛው ምሳሌያቸው ልጅ በሰማያዊ 21 ነው ያገኘው፣ ከልጅቷ በአንድ ብቻ ያንሳል። በቀይ የጨመረው ግን 2። በእርሳስ 8። የቀረው 29። በሰማያዊው ብቻ ቢታዩ መንታ ናቸው። ይህ ልጅ ሰዓት ቢሰጠውም የሚያወጣው የለውም፤ ግማሹን ትምህርት ጭራሽ አልተማረውም። ለአባቱ በሦስት ሳምንት ሒሳብ አይደርስም ብለው ነገሯቸው። የእርሳሱን 8 ይዘው ሠሩ፣ ምክንያቱም መጽሐፍ ሲያይ የሚችለው ነገር ረስቶት እንጂ ሳያውቀው አይደለም። የቀረውን ጊዜ ወደ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ መለሱለት፤ የሚቆጠረው የስድስቱ ድምር ነውና። ግማሽ ባያመጣም በየዓመቱ የሚቆረጠውን የሪሚዲያል ነጥብ የመድረስ ዕድል እንዳለው ለአባቱ ገለጹላቸው። አባትዬው ተቆጥተው ልጁን ወደ ሌላ አስጠኚ ወሰዱት። መጨረሻው ምን እንደሆነ መምህሩ አልጻፉም።

23ኛው ላይ የስታቲስቲክሷ ሴት መንገዱን ወደደችውና አንድ ቀዳዳ አሳየች። ወረቀቱ ከሰማያዊው በኋላ ታርሞ የተሳሳተው ከተነገረው ቀዩ ዋጋ የለውም፤ አንዱ ምርጫ እንዳልሆነ ስላወቀ ከቀሪው ሦስት ይገምታል፣ ሳያውቅ ብዙ ያገኛል። ስለዚህ ሦስቱም ቀለም ሳያልቅ መልስ ማሳየት ክልክል ነው። ሌላው፣ በቀይ የሠራውን ጥያቄ ጎን እንዴት እንደደረሰበት አጭር ሥራ ይጻፍ፤ ሥራ የሌለው ቀይ አይቆጠር። መምህሩ አመስግነው ተቀበሏት፤ እሳቸው ሥራውን ሁልጊዜ ያዩ ስለነበር መጻፉን እንደረሱት ገለጹ።

24ኛው አንድ አምና የተፈተነ ልጅ ነው። ግምት ከሆነ ሁሉንም «ሐ» ማጥቆር ይሻላል፣ እኔ እንደዚያ ነው ያለፍኩት አለ። መምህሩ መለሱለት፦ ምንም ካላወቅህ ሁሉን «ሐ» ብትል ወይም ብትቀያይር ያው ነው፣ ጥቅሙ እያመነታህ ሰዓት አለማቃጠልህ ነው። ሁለቱን ምርጫ ማስወጣት ከቻልክ ግን «ሐ»ን ይዘህ መድረቅህ ያስከፍልሃል። ልጁ አልተዋጠለትም። ከዚያ ይልቅ ስለ ግቢው አወራ፤ ስልክ በር ላይ ስለሚከለከል እናቱን ሳያናግር እንደሰነበተ፣ ማታ ዶርም ውስጥ የማያውቃቸው ልጆች ነገ ይመጣል የሚሉትን እየሰማ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ጆሮውን በነጠላ ጠቅልሎ እንደተኛ። ነጠላውን የሰጠችው አያቱ ናት። ይህች ወሬ ከ«ሐ»ው ይልቅ ትጠቅማለች ብዬ ነው የማስቀምጣት።

25 እና 26 ላይ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ። የማስታወቂያ ሠራተኛው፣ የ1ኛው ምላሽ ባለቤት ማለት ነው፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ሦስት እስክሪብቶ ባነር ላይ አይሸጥም አለ። መምህሩ ፈተናውን በነጻ ስጡ አሉ፦ ቅዳሜ ልጆቹ ይምጡ፣ በሦስት ቀለም ይሥሩ፣ ወላጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ እናንተ ጋ መመዝገብ የማያስፈልገው ካለ አያስፈልግህም በሉት። ሠራተኛው ያ ማዕከል እስከ መስከረም ይዘጋል አለ። 27ኛው ላይ ሦስት ሰው ተሰብስበው ተከራከሩ፤ አልተቋጨም።

28ኛው የእኔ ነው፤ የሆነውን ነገርኳቸው። ለባለቤቱ ክሩን ከላይ እስከ ታች አስነበብኩት። የቤይሩቷ እህት ጋ ሲደርስ ዝም አለ፤ እኛም ያንን ዋስትና ዘንድሮ ልንጽፍ አስበን ነበርና። ከብዙ ንግግር በኋላ ቴሌግራሙ ላይ የወጣው ጽሑፍ ይህን ይላል፦ አምና 64 ተማሪ ተመዝግቦ ነበር፣ ማለፋቸውን ያሳወቁን 20 ናቸው፣ ከእነዚህ 15ቱ ሲመጡም ጥሩ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነጻ የሒሳብ ወረቀት አለ፤ ሦስት ቀለም ይዛችሁ ኑ። ለተማሪዎች ደግሞ አንድ መስመር ለብቻ አስገባሁ፦ የሌላ ቦታ ዎርክሺት ያልሠራችሁት ካለ ይዛችሁት ኑ፣ አዲስ አንሰጥም።

መጀመሪያ ቅዳሜ 31 ልጅ መጣ። ሰባቱ ቀይ እስክሪብቶ አልያዙም ነበር፤ ከሱቅ አስመጣሁ። የ12ቱ ወረቀት እንደዚያች እንደ መምህሩ ልጅ ነው፣ ቀዩ የበዛ፤ የሁለት ዙሩን አካሄድ እዚያው ለአንድ ሰዓት አሳይተን ሸኘናቸው። የተመዘገቡት ዘጠኝ ናቸው። ባለቤቱ ዘጠኟን ደጋግሞ ቆጠረ፤ አምና በዚህ ሰሞን ከ20 በላይ መዝግበን ነበር።

29ኛው ላይ ያ 5ኛው ወጣት በሩ ላይ ያለው ባነር ግን አሁንም 87 በመቶ ይላል፣ ትናንት በዚያ አልፌ አይቼዋለሁ፣ አስመሳዮች አለን። እውነቱን ነው። ባነሩ ይህ ሁሉ ንግግር ሳይጀመር ታትሞ ተከፍሎበታል፤ ባለቤቱ አላወርድም አለ። ፈተናው ካለቀ በኋላ ራሱ ይወርዳል ይላል። እኔ በየቀኑ በሥሩ እገባለሁ።

30ኛው ላይ የ2ኛው ምላሽ አባት ተመልሰው መጡ። ይህን ሁሉ አንብበው፣ በትሕትና፣ የ8ኛ ክፍሉ ጥያቄያቸው አሁንም እንዳልተመለሰ አስታወሱን። አባቴ ይቅርታ፤ 8ኛ ክፍል አለን፣ ፈተናው ግን የከተማው ትምህርት ቢሮ የሚያወጣው ስለሆነ ወረቀቱ ሌላ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ይምጣ። ቀይ እስክሪብቶ እኔ ጋ አለ፣ እርሳስ ብቻ ይያዝ።